የመምህርቷ ድካም፦ የታይሮይድ ሆርሞን ቀስ በቀስ ሲያንስ

ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የትንፋሽ ቧንቧን ከፊትና ከጎን አቅፎ የተቀመጠ ዕጢ ነው። ጤነኛ ሲሆን ክብደቱ ከ20 ግራም ብዙም አይርቅም፤ አብዛኛው ሰውም መኖሩን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሥራው ከምግብ የሚገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ ታይሮክሲን የተባለ ሆርሞን እያመረተ ወደ ደም መልቀቅ ነው። ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ አንጀት ምግብን በምን ፍጥነት እንደሚገፋ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመነጭ፣ ቆዳና ፀጉር በምን ያህል ጊዜ እንደሚታደሱ በዚህ ሆርሞን መጠን ይወሰናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ታዲያ አንድ አካል ብቻ ታሞ ሌላው ጤነኛ አይሆንም። ሁሉም በአንድነት ይዘገያል። ሕክምናው ይህን ሃይፖታይሮይዲዝም ይለዋል።

የበሽታው ተንኮል አዝጋሚነቱ ነው። ዕጢው የሚዳከመው በወራትና በዓመታት ውስጥ ስለሆነ ሕመምተኛው «ከዚህ ቀን ጀምሮ ታመምኩ» ብሎ የሚጠቅሰው ቀን የለውም። ምልክቶቹም እያንዳንዳቸው ተራ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው በቅርብ የሚገኝ ሌላ ምክንያት አይጠፋም። ቀጥሎ ያለው የአንዲት መምህርት ታሪክ ሐኪሞች ደጋግመው ከሚያጋጥሟቸው ሁኔታዎች ለማስረጃ የተቀናበረ ነው። በሽታው በምን መንገድ እንደሚደበቅና በምን እንደሚገለጥ ያሳያል።

መምህርቷ የ28 ዓመት ወጣት ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም። ትምህርት በተጀመረ በመስከረም ከሰዓት በኋላ ያሉት ክፍለ ጊዜያት ይከብዷት ጀመር። ስምንት ሰዓት ተኝታ ስትነሣም ያልተኛች ያህል ነበር። የተማሪ ብዛት፣ አዲስ ትዳር፣ የቤት ሥራ ተደማምረው ነው ብላ አለፈችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ይሰማት ጀመር፤ ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናትና በነዚያ ወራት የማይበርደው ሰው የለም። በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚመጣ መምህር ዞሮ የሚያየው አይኖርም።

ክብደቷም ከ58 ኪሎ ወደ 63 ኪሎ ከፍ አለ። ጎረቤቶቿ «ትዳር ተስማምቷታል» አሉ፤ እናቷም ደስ አላቸው። ድምፇ ሲሻክር የጠመኔው ብናኝ ነው ተባለ። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተግበሰበሰ ሲወጣ ሹሩባውን አጥብቀው ስለሠሩባት ነው ተባለ። ሆዷ ሲደርቅ ጨጓራ ነው ተባለ። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ስድስት ምልክት ስድስት የተለያየ ስም አገኘ፤ ማንም ግን በአንድ ወረቀት ላይ አልጻፋቸውም።

ጥር ላይ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። የነገረችው ድካምና ራስ ምታት ብቻ ስለነበር የደም ምርመራ ታዘዘላትና «ታይፎይድ አለብሽ» ተባለች፤ የሳምንት አንቲባዮቲክም ተሰጣት። ለዚህ በየክሊኒኩ የሚሠራበት የዊዳል ምርመራ የሚለካው ተሕዋሲያኑን ራሳቸውን ሳይሆን ሰውነት የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ ደግሞ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም በደም ውስጥ ለወራት ይቆያሉ፤ ከሌሎች ተዛማጅ ተሕዋሲያን ጋር ሲነካኩም ሊገኙ ይችላሉ። ትኩሳት በሌለው ሰው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «አለ» ያለ ውጤት ብዙ አያስረዳም። በመምህርቷ ላይ ትኩሳት አልነበረም።

መጋቢት ላይ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ስትሄድ ሄሞግሎቢኗ 10.8 ሆኖ ተገኘ። ደም ማነስ መሆኑ እውነት ነበር፤ የአይረን ክኒንም ታዘዘላት። ያልተጠየቀው ጥያቄ ደሙ ለምን አነሰ የሚለው ነው። የወር አበባዋ ከቀድሞው ይልቅ እየበዛና እየረዘመ መጥቶ ነበር፤ ይህም የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ በሴቶች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ክኒኑ ሄሞግሎቢኗን ጥቂት ከፍ አደረገው፤ ድካሙን ግን አልነካውም። ይህ የአይረን ክኒን በኋላ እንደገና የሚነሣ ስለሆነ ይታወስ።

ግንቦት ገባ። ከክረምቱ በፊት ያለው ሞቃት ጊዜ ነው፤ ተማሪዎች ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ይቀመጣሉ። መምህርቷ ግን አሁንም ጋቢዋን አልጣለችም። የተማሪዎቿ ስም ከአፏ እየጠፋ ቸገራት፤ በአንድ ምሽት ታርም የነበረው የፈተና ወረቀት ሳምንት ይፈጅባት ጀመር። ርእሰ መምህሩ ስንፍና መስሏቸው ገሠጿት። በቤት ውስጥም ዝምታዋ እየበዛ ስለመጣ ጭንቀት ይሆን እየተባለ ይወራ ነበር፤ የታይሮይድ ማነስ ከድብርት ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰል ይህ ግምት ራሱ ሩቅ አልነበረም።

በዚያው ወር ያያት የሆስፒታል ሐኪም የጀመረው ወንበር ላይ አስቀምጦ ከማየት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጋቢ ተከናንባለች። የዓይኖቿ ሽፋን እንደ መነፋት ብሏል፤ የቅንድቧ የውጭ ጫፍ ሳስቷል፤ የእጇ ቆዳ ቀዝቃዛና ሻካራ ነው። ከዚያ የልብ ምቷን ቆጠረ፦ በደቂቃ 54። የምርመራው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደሙ ያነሰ ሰው ልቡ ጥቂቱን ደም ቶሎ ቶሎ ለማዳረስ ይፈጥናል፤ ተሕዋሲያን ያጠቁት ሰው ልብም እንዲሁ በአብዛኛው ይፈጥናል። የዚህች ልብ ግን ዘግይቷል። ስፖርተኛ ያልሆነ፣ ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት የማይወስድ ወጣት ደም አንሶትና ደክሞት ሳለ የልብ ምቱ ከ60 በታች ከሆነ፣ እስከዚያ ቀን የተሰጡት ማብራሪያዎች በቂ አይደሉም ማለት ነው።

ሐኪሙ ተረከዟ ላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ። እግሯ እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ታች ሸርተት አለ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ግን በዝግታ ነበር፤ ልዩነቱ ለለመደ ዓይን ይታያል። ይህ ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ ለመፍታት መዘግየቱን የሚያሳይ የቆየ፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ምልክት ነው። ሁሉም ሕመምተኛ ላይ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ጥርጣሬን ያጠነክራል። «ብርዱ የጀመረሽ ከመቼ ወዲህ ነው?» አላት። «ኧረ ዶክተር፣ እኛ አገር መቼ ሙቀት አለ ብለው ነው!» አለችው። መልሷ ብዙ ወር የጠፋበትን ምክንያት በአጭሩ ይናገራል።

የታዘዘላት ምርመራ ቲኤስኤች ይባላል። ቲኤስኤች የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን በአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ከሚባል የአተር ፍሬ የሚያህል ዕጢ ነው። ፒቱታሪ በደም ውስጥ ያለውን ታይሮክሲን ያለማቋረጥ ይለካል። መጠኑ ሲያንስ በቲኤስኤች አማካይነት ታይሮይድን «ጨምር» ይለዋል፤ ታይሮይዱ ካልሰማ ድምፁን እያከረረ ይጣራል። ስለዚህ የቲኤስኤች ከፍ ማለት የታይሮይድ መዳከም ምልክት ነው። ብዙ ሰው ውጤቱ ላይ ትልቅ ቁጥር ሲያይ «ታይሮይዴ በዝቷል» ብሎ ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ላቦራቶሪዎች በመጠኑ ቢለያዩም ጤነኛ የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። የመምህርቷ 52 ሆነ። አብሮ የተለካው በደሟ ውስጥ ያለ ነፃ ታይሮክሲንም ከዝቅተኛው ወሰን በታች ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ጉዳዩ አከራካሪ አይሆንም።

ዕጢው ለምን ተዳከመ ለሚለው ደሟ ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ተልኮ ታይሮይድን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት ተገኙበት። ሰውነት ራሱን ከተሕዋሲያን የሚከላከልበት ሥርዓት ተሳስቶ የገዛ ዕጢውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። በሽታው የሃሺሞቶ በሽታ ይባላል፤ ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 በአራት ሴቶች ላይ ያየውን ለውጥ ጽፎ ስላሳተመ በስሙ ተጠራ። ዛሬም ከወንድ ይልቅ ሴትን በብዙ እጥፍ ያጠቃል፤ በቤተሰብም ይከተላል። የመምህርቷ አክስት አንገት ላይ ዕድሜዋን ሙሉ እብጠት እንደነበር የተጠቀሰውም ያን ቀን፣ ሲጠየቅ ነው። አንገቷ ላይ ጓጉሎ የሚዳሰስ ነገር ስላልነበረ አልትራሳውንድ አላስፈለጋትም። ያለ ምክንያት የሚታዘዝ የአንገት አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌላቸውን ጥቃቅን እብጠቶች አግኝቶ ሰውን በከንቱ ማስጨነቅ ነው ትርፉ።

እብጠት ሲነሣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቶሎ የሚያስበው እንቅርትን ነው። ደጋው አፈር በአዮዲን ድሃ በመሆኑ እንቅርት ለዘመናት የአገሪቱ ሰው የሚያውቀው ሕመም ነበር፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የአዮዲን እጥረትና የሃሺሞቶ በሽታ ግን መንገዳቸው የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ዕጢው ጥሬ ዕቃ አጥቷል፤ በሁለተኛው ጥሬ ዕቃው ቢኖርም ሠራተኛው ራሱ እየተጎዳ ነው። በሃሺሞቶ የተያዘ ሰው አዮዲን ያለውን ጨው እንደማንኛውም ሰው ይጠቀም፤ ተጨማሪ የአዮዲን እንክብል ወይም ጠብታ ገዝቶ ቢወስድ ግን የባሰ ሊዳከም ይችላል።

የሕክምናው መሠረት የጎደለውን መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት ሕመምተኛ በመርፌ ሰጣት፤ ሴትየዋም ሕክምናውን እየወሰደች ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ የሚሰጠው በፋብሪካ የሚሠራ ሌቮታይሮክሲን ሲሆን ዕጢው ከሚያመነጨው ታይሮክሲን ጋር አንድ ነው። ዋጋው ከብዙ የዕድሜ ልክ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። መጠኑ የሚቆጠረው በማይክሮግራም ነው፤ ልብ ሕመም ለሌለበት ወጣትና ዕጢው ጨርሶ ለተዳከመ ሰው በአማካይ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ይሰላል። 63 ኪሎ ለምትመዝነው መምህርት ይህ 100 ማይክሮግራም ገደማ ይመጣል፤ የታዘዘላትም ይኸው፣ በቀን አንድ ክኒን ነው። ሽማግሌዎችና ልባቸውን የሚያማቸው ግን በ25 ወይም ከዚያ ባነሰ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምራሉ፤ ዘግይቶ የኖረን ልብ በአንድ ጊዜ ማፍጠን አደጋ አለውና።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ሲለካ 52 የነበረው ወደ 19 ወርዷል። መሻሻል ነው፤ ግን ከተጠበቀው በታች ነው። እንዲህ ሲሆን ቀላሉ ነገር መጠኑን መጨመር ነበር። ሐኪሙ ግን «ክኒኑን እንዴት ነው የምትወስጂው?» ብሎ ጠየቃት። ጠዋት ከቡና ጋር፣ ከአይረን ክኒኑ ጋር አንድ ላይ ነው የምትውጣቸው፤ ሁለቱም መድኃኒት ስለሆኑ እንዳይረሱ ብላ።

ሌቮታይሮክሲን በአንጀት የሚመጠጥበት ሁኔታ ስስ ነው። አይረንና ካልሲየም ሆድ ውስጥ ይይዙትና ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ቡናም በተመሳሳይ ጊዜ ከተጠጣ የሚመጠጠውን መጠን ይቀንሳል። በተሳሳተ ግምት ሳይሆን በእውነተኛ ደም ማነስ ምክንያት የተሰጣት የአይረን ክኒን ዋናውን መድኃኒት እያከሸፈ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው መጠን ሳይጨመር ተገኘ፦ ሌቮታይሮክሲኑን ከእንቅልፍ ስትነሣ በባዶ ሆድ በውኃ ትወስዳለች፤ ቡናና ቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያሉ፤ አይረኑ ደግሞ ቢያንስ ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ከምሳ ወዲያ ይሆናል። ጠዋቱ የማይመቸው ሰው እራት ከበላ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሊተኛ ሲል ቢወስደውም ይሠራል። በጾም ወቅት እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች ይህን የማታ መንገድ ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩበት መድኃኒቱን ለሳምንታት ከማቋረጥ ይድናሉ። እንደገና ከስምንት ሳምንት በኋላ ሲለካ ቲኤስኤችዋ 2.6 ሆነ።

ስምንት ሳምንት የሚጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ ከደም የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ግማሹ ለመጥፋት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በየቀኑ ሲወሰድ መጠኑ ተስተካክሎ እስኪረጋ፣ ፒቱታሪም ያን ተቀብሎ ድምፁን እስኪቀንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያልፋል። በሁለት ሳምንት ተለክቶ «አልሠራም» ተብሎ መድኃኒት መቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው። የሕመምተኛዋ ስሜትም በዚሁ ልክ ነው የተመለሰው። መጀመሪያ ብርዱና ድርቀቱ ለቀቃት፤ ድካሙ ተከተለ፤ ፀጉሯ ግን ወራት ቆየ። ክብደቷ ሦስት ኪሎ ቀነሰ፤ ቀሪው አልወረደም። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ የሆርሞኑ ማነስ የሚያመጣው ውፍረት ጥቂት ኪሎ ሲሆን አብዛኛው የተጠራቀመ ውኃና ጨው ነው። ሃያ ኪሎ የጨመረ ሰው ሁሉንም በታይሮይድ ማሳበብ አይችልም፤ መድኃኒቱን ለማቅጠኛ የሚወስድ ጤነኛ ሰው ደግሞ ልቡንና አጥንቱን ይጎዳል።

አዲስ ያገባች ሴት ስለሆነች የሐኪሙ ጥብቅ ማሳሰቢያ ስለ እርግዝና ነበር። ፅንሱ የራሱ ታይሮይድ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለአንጎሉ ዕድገት የሚያስፈልገውን ታይሮክሲን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማርገዝ በፊት ቲኤስኤችዋ ተለክቶ የተስተካከለ መሆን አለበት። ካረገዘች በኋላም የሚያስፈልገው መጠን ብዙውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሦ ያህል ይጨምራል። ሐኪሞች በቅድሚያ ከሚሰጡት መመሪያ አንዱ እርግዝናው እንደታወቀ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ክኒን መውሰድ፣ ማለትም ከሰባት ወደ ዘጠኝ ማሳደግና ወዲያው ለምርመራ መምጣት ነው። እርጉዝ ነኝ ብላ መድኃኒት ፈርታ የምታቋርጥ ሴት ልጇን የምትጎዳው በማቋረጧ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የደከመው ሁሉ ታይሮይዱ ታሟል ማለት አይደለም፤ የአብዛኛው ሰው ድካም ምክንያት ሌላ ነው። ምርመራው የሚያስፈልገው ምልክቶቹ ሲደራረቡ ነው፦ ለወራት የዘለቀ ድካም ከብርድ ስሜት፣ ከሆድ ድርቀት፣ ከቆዳ መድረቅና ከወር አበባ መዛባት ጋር ሲመጣ፣ ወይም በቤተሰብ የታይሮይድ ሕመም ሲኖር። ቲኤስኤች በጥቂቱ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ 6 ወይም 7 ሆኖ፣ ታይሮክሲኑ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ መድገም ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ራሳቸው ይስተካከላሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ የዕድሜ ልክ መድኃኒት መጀመር ተገቢ አይደለም።

የመምህርቷ ግን እንዲህ አይደለም፤ 52 ራሱን አያስተካክልም። ክኒኑን ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች፤ መጠኑ ከተረጋጋ በኋላ ምርመራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል። ብዙ ሕመምተኞች የሚሳሳቱት ድኜአለሁ ብለው ሲያቆሙ ነው። መድኃኒቱ ከደም የሚወጣው በሳምንታት ስለሆነ ያቆመ ሰው መጀመሪያ ምንም አይሰማውም፤ «ለካስ አያስፈልገኝም ነበር» ይላል። ድካሙና ብርዱ የሚመለሱት ከአንድና ከሁለት ወር በኋላ፣ እንደ በፊቱ በዝግታ ነው። ክኒኑ ያለቀበት ወይም ማቆም የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።